የኦም ሕግ ለጀማሪ፦ ቮልቴጅን፣ ከረንትንና ሬዚስታንስን በውሃ ቱቦ ለክቶ መረዳት

የባትሪ ድንጋይ ላይ 1.5 ቮልት፣ ስፒና ላይ 16 አምፔር፣ ሬዚስተር ሲገዙ ደግሞ 220 ኦም የሚል ቁጥር ይገኛል። ሦስቱ ቁጥሮች ለየብቻ ሲነበቡ ብዙ ነገር አይነግሩም። አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚወስነው ካወቃችሁ ግን ሁለቱን ይዛችሁ ሦስተኛውን ማስላት ትችላላችሁ። ይህ ዝምድና የኦም ሕግ ይባላል።

ሕጉን ለማስረዳት ብዙ ጊዜ የውሃ ቧንቧ ምሳሌ ይሰጣል። ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በአብዛኛው በቃል ብቻ ተነግሮ ስለሚታለፍ ተማሪው እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። እዚህ ውሃውን ቤት ውስጥ በሰዓት እንለካለን፤ ከዚያ ያንኑ ሙከራ በባትሪ ደግመን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እናያለን። መጨረሻ ላይ በተገኘው ሕግ የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፒና ለምን እንደሚቀልጥ እናሰላለን።

ሦስቱ ነገሮች በቧንቧው ውስጥ የት አሉ?

ሁለት እኩል ሮቶዎች አሉ እንበል፤ አንዱ ጣሪያ ላይ፣ ሌላው መሬት ላይ። ሁለቱም ሙሉ ናቸው። ከጣሪያው ሮቶ የወረደው ቧንቧ ሲከፈት ውሃው በኃይል ይወጣል፤ ከመሬቱ ግን ቀስ እያለ ይፈስሳል። የውሃው መጠን እኩል ስለሆነ ልዩነቱን ያመጣው ከፍታው ነው። ከውሃው ገጽ እስከ መውጫው አፍ ያለው ቁመት ውሃውን ይገፋል። በኤሌክትሪክ ይህን ቦታ የሚይዘው ቮልቴጅ ነው፤ የሚለካውም በቮልት ነው።

ከዚሁ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። ቁመት ሁልጊዜ በሁለት ቦታዎች መካከል የሚለካ ልዩነት ነው። ሁለት ሮቶዎች በእኩል ከፍታ ላይ ተቀምጠው፣ በእኩል ደረጃ ሞልተው በቧንቧ ቢገናኙ በመካከላቸው አንድም ጠብታ አያልፍም። ቮልቴጅም እንዲሁ ነው። «የዚህ ሽቦ ቮልቴጅ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ «ከምን አንጻር?» የሚል መልስ ይፈልጋል። የመለኪያ መሣሪያ ሁለት ገመድ ያለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ከረንት ነው። ቧንቧው ላይ አንድ ነጥብ መርጣችሁ በየደቂቃው ስንት ሊትር እንዳለፈ ብትቆጥሩ የውሃውን ፍሰት አገኛችሁ ማለት ነው። በሽቦ ውስጥ የሚቆጠሩት ኤሌክትሮኖች ናቸው። አንድ አምፔር ማለት በየሰከንዱ 6.24 ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል ኤሌክትሮኖች በአንድ ነጥብ አለፉ ማለት ነው። ቁጥሩን መያዝ አያስፈልግም፤ አምፔር በጊዜ ውስጥ ያለፈን መጠን የሚነግር መሆኑን መያዝ ይበቃል።

ሦስተኛው ሬዚስታንስ ነው። ቧንቧው ሲረዝም፣ ሲጠብ ወይም ውስጡ በኖራ ሲደፈን በዚያው ከፍታ የሚወጣው ውሃ ይቀንሳል። ይህ ተቃውሞ የቧንቧው ጠባይ ነው፤ ውሃው ቢቆምም ቧንቧው ያው ጠባብ ነው። በኤሌክትሪክም ሬዚስታንስ የሽቦው ወይም የዕቃው ጠባይ ሲሆን የሚለካው በኦም ነው።

የውሃው ሙከራ

የአትክልት ማጠጫ ጎማ ለዚህ ሙከራ አይሆንም። በሰፊ ጎማ ውስጥ ውሃው እየተናወጠና እየተሽከረከረ ስለሚሄድ ከፍታውን እጥፍ ስታደርጉት ፍሰቱ እጥፍ አይሆንም፤ ወደ 1.4 እጥፍ ብቻ ያድጋል። በጎማ የሞከረ ሰው ምሳሌው ውሸት መስሎት የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያስፈልገው ውሃው በዝግታና በቀጥታ የሚሄድበት ቀጭን ቱቦ ነው። ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገኘው የጉሉኮስ ቱቦ ለዚህ ይሆናል፤ የውስጥ ስፋቱ 3 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። አዲስ ግዙ፤ ከሐኪም ቤት የተጣለውን አታንሡ።

ከቱቦው ሌላ የሚያስፈልጉት ሰፊ ሳፋ፣ የሚሊ ሊትር ምልክት ያለው የሕፃን ጡጦ፣ መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ፣ የመለኪያ ሜትር፣ ፕላስተርና የስልክ ሰዓት ናቸው። ሳፋው ሰፊ መሆን አለበት ያልነው 100 ሚሊ ሊትር ሲወጣ የውሃው ገጽ እንዳይወርድ ነው። 30 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ሳፋ ገጹ የሚወርደው አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ጠባብ ጠርሙስ ብትጠቀሙ ግን ስትለኩ ግፊቱ ይቀንስባችኋል።

1. ጠብታ የሚታይበትን ትንሽ ብልቃጥና የመርፌውን መግጠሚያ ቆርጣችሁ አስወግዱ፤ የፍሰት መቆጣጠሪያውንም አውጡት። ቀሪውን ቱቦ በ150 ሳንቲሜትር ቁረጡት።

2. ሳፋውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሙሉት። የውሃው ገጽ ያለበትን በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ውሃው ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል አንድ ሰዓት ያህል ተዉት፤ የ15 ዲግሪ ውሃና የ25 ዲግሪ ውሃ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ያላቸው ፍሰት ከአንድ አምስተኛ በላይ ይለያያል።

3. የቱቦውን አንድ ጫፍ በውሃው ውስጥ አስገብታችሁ ከሳፋው ጋር በፕላስተር አጣብቁት። በሌላው ጫፍ ሲሪንጁን ገጥማችሁ ውሃው እስኪመጣ ሳቡ። ቱቦው አንድም የአየር አረፋ ሳይኖርበት ከሞላ በኋላ ጫፉን ዝቅ ስታደርጉት ውሃው በራሱ መፍሰሱን ይቀጥላል።

4. የሚወጣበትን አፍ ከውሃው ገጽ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አጣብቁት። የሚለካው ከገጹ እስከ አፉ ያለው ቁመት ነው፤ ቱቦው በመካከል የሳፋውን ከንፈር ሲሻገር ከፍ ማለቱ ለውጥ አያመጣም። አፉ አየር ላይ ይሁን፤ ጡጦው ውስጥ ባለው ውሃ ከተነከረ ቁመቱ ከዚያኛው ውሃ ገጽ ስለሚቆጠር ልኩ ይበላሻል።

5. 100 ሚሊ ሊትር ለመሙላት የፈጀውን ሰከንድ መዝግቡ። ውሃውን መልሳችሁ ሳፋውን እስከ ምልክቱ ሙሉትና ሦስት ጊዜ ድገሙ፤ የመካከለኛውን ቁጥር ውሰዱ።

6. አሁን አፉን ወደ 20 ሳንቲሜትር አውርዱና ለኩ።

7. ቱቦውን መሐል ላይ ቁረጡት። በ75 ሳንቲሜትሩ ግማሽ፣ በ10 ሳንቲሜትር ቁመት ለኩ።

8. ሁለቱንም ግማሾች ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ ሁለቱም በ10 ሳንቲሜትር ቁመት ወደ አንድ ጡጦ እንዲፈስሱ አድርጉና ለኩ።

የውስጥ ስፋቱ በትክክል 3 ሚሊሜትር ለሆነ ቱቦና ለ20 ዲግሪ ውሃ ሲሰላ የመጀመሪያው ልክ 80 ሰከንድ አካባቢ ይመጣል። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ከ40 ሰከንድ ትንሽ ያልፋል። ቱቦው በግማሽ ሲያጥርም እንደዚሁ ከ40 ሰከንድ ትንሽ ያልፋል። ሁለቱ ግማሾች አንድ ላይ ሲፈስሱ ደግሞ 22 ሰከንድ ያህል ይሆናል። የእናንተ ሰከንዶች ከእነዚህ በጣም ቢለዩ አትደንግጡ፤ ቱቦው በአንድ አሥረኛ ብቻ ቢጠብ ጊዜው በአንድ ተኩል እጥፍ ይረዝማል። መታየት ያለበት በልኮቹ መካከል ያለው ዝምድና ነው፤ እጥፍ ግፊት እጥፍ ፍሰት፣ ግማሽ ተቃውሞም እጥፍ ፍሰት።

«40» ላይ በትክክል የማይደርሰው ለምንድን ነው? ከቁመቱ ጥቂቱ ውሃውን ከቆመበት አስነሥቶ ለማፍጠን ስለሚውል ነው። ፍሰቱ ሲፈጥን ይህ ክፍል ስለሚያድግ ልዩነቱ በአጭሩ ቱቦ ላይ ይጎላል። በኤሌክትሪኩ ሙከራ ይህ ችግር የለም። የተገኘው ልዩነት ከዚህ በጣም የበለጠ ከሆነ ግን ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የአየር አረፋ ነው። ቱቦውን ከብርሃን አንጻር አንሥታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱት፤ አረፋ ካለ በሲሪንጅ እንደገና ሳቡት። ሌላው ምክንያት ቱቦው ከንፈሩ ላይ ሲታጠፍ መጥበቡ ነው፤ በሰፊው ዞሮ እንዲወርድ አድርጉት።

ያው ሙከራ በባትሪ

አሁን ሁለት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋዮች፣ ባለ 220 ኦም ሁለት ሬዚስተሮች፣ ጥቂት ሽቦና ቴስተር ያስፈልጋሉ። የሬዚስተሩ ቀለሞች ቀይ፣ ቀይ፣ ቡናማ፣ ወርቃማ ናቸው። ወርቃማው መስመር እውነተኛው ዋጋ ከተጻፈው እስከ 5 በመቶ ሊለይ እንደሚችል ይናገራል፤ ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ከ209 እስከ 231 ኦም ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት ቴስተሩ ከረንት ሲለካና ቮልቴጅ ሲለካ የሚገናኝበት መንገድ እንደሚለያይ እወቁ፤ ጀማሪ ቴስተሩን የሚያበላሸው እዚህ ነው። የውሃ ቆጣሪ ቧንቧው ተቆርጦ በመካከሉ ይገባል፤ ውሃው ሁሉ በእሱ በኩል ማለፍ አለበት። ከረንት የሚለካውም እንዲሁ ነው፤ መስመሩን አንድ ቦታ ትከፍቱና ቴስተሩን በመካከል ታስገባላችሁ። ቮልቴጅ ሲለካ ግን መስመሩ አይነካም፤ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች በሁለት ነጥቦች ላይ አሳርፋችሁ የግፊቱን ልዩነት ታነባላችሁ።

ከረንት ለመለካት የተዘጋጀ ቴስተር ውስጡ ከሞላ ጎደል ባዶ ቧንቧ ነው፤ ተቃውሞው ከጥቂት ኦም አይበልጥም። በባትሪ ሁለት ጫፎች ላይ በቀጥታ ካሳረፋችሁት ያለው ከረንት ሁሉ በእሱ ያልፋልና ውስጡ ያለው ፊውዝ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ከረንት ስትለኩ ምንጊዜም ዜሮ ያሳያል፤ ቮልት ግን በትክክል ያነብባል። ይህን ምልክት ካያችሁ ፊውዙን ቀይሩ።

ጥቁሩን ገመድ `COM` ላይ፣ ቀዩን `VΩmA` ላይ ሰኩ። መጀመሪያ መምረጫውን በቀጥታ ከረንት ቮልት `20` ላይ አድርጋችሁ የእያንዳንዱን ድንጋይ ቮልት ለኩ። አዲስ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ከ1.5 ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ ወደ ቀጥታ ከረንት አምፔር `200m` አዙሩት፤ በዚህ ላይ የሚታየው ቁጥር ሚሊአምፔር ነው፤ ማለትም የአምፔር አንድ ሺኛ።

አሁን አራቱን የውሃ ልኮች በቅደም ተከተላቸው ድገሙ። ሁለቱ ሬዚስተሮች ተቀጣጥለው እንደ ረጅሙ ቱቦ ይሆናሉ፤ 220 ሲደመር 220፣ 440 ኦም። አንድ ድንጋይ የ10 ሳንቲሜትሩን ቁመት ይተካል፤ ቴስተሩ 3.4 ሚሊአምፔር ገደማ ያሳያል። ሁለተኛውን ድንጋይ ስትጨምሩ ግፊቱ 3 ቮልት ይሆናል፤ ከረንቱም 6.8 ይደርሳል። ወደ አንድ ድንጋይ ተመልሳችሁ አንዱን ሬዚስተር ብታወጡ ቱቦውን በግማሽ እንደቆረጣችሁት ነው፤ አሁንም 6.8። በመጨረሻም ሁለቱን ሬዚስተሮች ጎን ለጎን፣ እግራቸውን ከእግራቸው አገናኝታችሁ በአንድ ድንጋይ ብትሞክሩ 13.6 ያህል ታገኛላችሁ፤ ሁለት መንገድ ስለተከፈተ ተቃውሞው ወደ 110 ኦም ወርዷል።

ሰከንዶቹን ከእነዚህ ቁጥሮች አጠገብ ጻፏቸው። የውሃው ጊዜ በግማሽ ባጠረበት ቦታ ሁሉ ከረንቱ እጥፍ ሆኗል። ጥቂት በመቶ ልዩነት ከታየ ከሬዚስተሩ 5 በመቶ፣ ከድንጋዩ ትክክለኛ ቮልት ወይም ከቴስተሩ ከራሱ ተቃውሞ የመጣ ነው። በ`20m` ላይ ብትለኩ ቁጥሩ ትንሽ የሚያንሰውም ለዚህ ነው፤ በትንሹ መለኪያ ላይ የቴስተሩ ተቃውሞ ይበልጣል።

ሕጉ

አሁን ያያችሁትን በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል፤ ከረንት ማለት ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ነው። በምልክት ከረንት I፣ ቮልቴጅ V፣ ሬዚስታንስ R ይባላሉ።

```
I = V / R
V = I × R
R = V / I
```

ሦስቱ መስመሮች አንድ ነገር ናቸው፤ የምትፈልጉት የትኛው እንደሆነ አይታችሁ ትመርጣላችሁ። ለምሳሌ 3 ቮልት በ440 ኦም ሲገፋ፣ 3 ለ440 ሲካፈል 0.0068 አምፔር ይሆናል። ቴስተሩ ያሳየው 6.8 ሚሊአምፔር ይኸው ነው። በስሌት ላይ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ሚሊአምፔርን ወደ አምፔር ሳይቀይሩ ከማባዛት ነው፤ 6.8ን በ440 ያባዛ ሰው 2992 ቮልት ያገኛል። ሁለት ድንጋይ ይህን ሊሰጥ እንደማይችል ግልጽ ስለሆነ ቁጥሩ ራሱ ስሕተቱን ያጋልጣል።

ሕጉን በ1827 በታተመ መጽሐፉ ያቀረበው ጀርመናዊው ጌኦርግ ሲሞን ኦም ነው። እሱም ርዝመታቸው የተለያየ ሽቦዎችን እየቀያየረ ነበር የለካው። የዘመኑ ባትሪዎች ግፊታቸው በየደቂቃው ስለሚወርድ ልኩን ያበላሹበት ነበር። ስለዚህ ትቷቸው ከመዳብና ከቢዝመት የተሠራ መጋጠሚያን አንዱን ጫፍ በፈላ ውሃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ በማድረግ የማይዋዥቅ ቮልቴጅ አገኘ። ሰፊ ሳፋ የመረጥነውም ለዚሁ ነው፤ ግፊቱ ሳይለወጥ ተቃውሞው ብቻ እንዲለወጥ።

ከሕጉ የሚወጣ፣ ለጀማሪ በጣም የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ምንጩ ግፊትን ያቀርባል፤ ምን ያህል ከረንት እንደሚሄድ የሚወስነው የተሰካው ዕቃ ተቃውሞ ነው። ቻርጀር ላይ «5 ቮልት 3 አምፔር» የሚል ቢጻፍ 3 አምፔር በግድ ስልኩ ውስጥ ይገባል ማለት አይደለም፤ ቻርጀሩ እስከ 3 አምፔር መስጠት ይችላል ማለት ነው። ቮልቱ መስማማት አለበት፤ አምፔሩ ግን ከሚያስፈልገው ቢበልጥ ችግር የለውም።

ምሳሌው የሚያሳስትባቸው ቦታዎች

ቧንቧ ሲቆረጥ ውሃው ይፈስሳል፤ ሽቦ ሲቆረጥ ግን ከረንቱ ይቆማል። ኤሌክትሮኖች ተመልሰው ወደ ምንጩ የሚገቡበት የተዘጋ ዙር ከሌለ አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ ትክክለኛው የባትሪ አምሳያ የሚያልቅ ሮቶ አይደለም፤ የወረደውን ውሃ መልሶ ወደ ላይ የሚያወጣ ፓምፕ ነው። ባትሪ ሲደክም ያለቀው ኤሌክትሮን ሳይሆን የማንሻው ጉልበት ነው። በአምፖል የገባው ከረንትና የወጣው ከረንትም እኩል ነው። ይህን በሙከራችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ፤ ቴስተሩን ከሬዚስተሩ በፊትም በኋላም አስገብታችሁ ለኩ፤ ቁጥሩ አንድ ነው።

ሁለተኛው ውፍረትን ይመለከታል። የቱቦው የውስጥ ስፋት እጥፍ ሲሆን ዝግ ብሎ የሚፈስ ውሃ 16 እጥፍ ያድጋል፤ ከግድግዳው የራቀው ውሃ በነፃነት ስለሚሄድ ነው። በሽቦ ውስጥ ግን ከረንቱ በሽቦው አካል ሁሉ እኩል ስለሚያልፍ የሽቦው ዲያሜትር እጥፍ ሲሆን ሬዚስታንሱ የሚቀንሰው ወደ አንድ አራተኛ ነው። ርዝመትን በምሳሌው ማስላት ይቻላል፤ ውፍረትን ግን አይቻልም።

በተጨማሪም ሕጉ ለሁሉም ዕቃ አይሠራም። ኤልኢዲ ቮልቱ ትንሽ ሲጨምር ከረንቱ በአንድ ጊዜ ስለሚያሻቅብ በቀጥታ ከባትሪ ጋር አይገናኝም፤ አብሮት ሬዚስተር ይገባል። የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል ደግሞ ሲግል ተቃውሞው ይጨምራል። 220 ቮልት 60 ዋት የሆነው ሲበራ 807 ኦም ገደማ ነው፤ ጠፍቶ ቀዝቅዞ በቴስተር ሲለካ ግን ከዚያ ከአሥር እጥፍ ያነሰ ቁጥር ማሳየቱ የተለመደ ነው። ቴስተሩ አልተበላሸም፤ የቀዘቀዘ ሽቦ ነው የለካው።

ምጣዱና ስፒናው

ከዚህ በታች ያለው ስሌት ብቻ ነው። የግድግዳ ሶኬትን 220 ቮልት በጀማሪ እጅ አትለኩ።

ጀርባው ላይ «220 ቮልት 3500 ዋት» የተጻፈበት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንውሰድ። ዋት ማለት ቮልት በአምፔር ሲባዛ ነው፤ ውሃ ከምን ያህል ከፍታ በምን ያህል ብዛት እንደሚወርድ በአንድ ላይ እንደመቁጠር። 3500 ለ220 ሲካፈል 15.9 አምፔር ነው። የምጣዱ ሬዚስታንስ ደግሞ 220 ለ15.9 ሲካፈል 13.8 ኦም ይሆናል።

ማታ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምግብ ሲያበስል መብራቱ ወርዶ 190 ቮልት ሆነ እንበል። የምጣዱ ሽቦ አልተለወጠም፤ አሁንም 13.8 ኦም ነው። ከረንቱ 190 ለ13.8፣ ማለትም 13.8 አምፔር ይሆናል። ኃይሉም 190 በ13.8 ሲባዛ 2620 ዋት ገደማ ነው። ቮልቱ የቀነሰው 14 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን ሙቀቱ ግን በሩብ ቀነሰ፤ ግፊቱ ሲወርድ ፍሰቱም አብሮት ስለሚወርድ ጉዳቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ የሚቀረው በዚህ ነው፤ ምጣዱ አልተበላሸም።

ወደ ምጣዱ የሚሄደው ሽቦም ቱቦ ነው። ከብሬከሩ እስከ ሶኬቱ 20 ሜትር ከሆነ ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ የሚቆጠረው 40 ሜትር ነው። 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በዚህ ርዝመት 0.46 ኦም ያህል ይኖረዋል። ከምጣዱ ጋር ተቀጣጥሎ ሲደመር 14.26 ኦም፤ ከረንቱ 15.4 አምፔር። ሽቦው ላይ የሚጠፋው ግፊት 15.4 በ0.46፣ ማለትም 7.1 ቮልት ነው። 7.1 ቮልት በ15.4 አምፔር ደግሞ 109 ዋት ሙቀት ነው፤ ግድግዳ ውስጥ የሚቀር። በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ተቃውሞው 0.17 ኦም ስለሚሆን የሚጠፋው ከ3 ቮልት በታች፣ ሙቀቱም 43 ዋት ገደማ ይሆናል።

109 ዋት ብዙ ቢሆንም በ40 ሜትር ሽቦ ላይ ተበትኗል። ስፒናው ላይ ግን አይበተንም። የሶኬቱ ጥርስ ላልቶ ወይም ጠቁሮ 0.2 ኦም ብቻ ቢጨምር፣ ሙቀቱ ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ በ0.2 የሚባዛው ነው፤ ወደ 50 ዋት። የተለመደ የኤሌክትሮኒክስ መበየጃ ብረት ያለው ኃይል ይህን ያህል ነው፤ እዚህ ግን ሙቀቱ ሁሉ በስፒናው አንድ እግር ላይ ያርፋል። ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ጥርሱ ይበልጥ ይላላል፣ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ሙቀቱም እንደዚሁ።

ብሬከሩ ለምን አያቋርጠውም? ብሬከር የሚያየው ከረንትን ብቻ ነው። ተጨማሪ ተቃውሞ በመስመሩ ውስጥ ሲገባ ከረንቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። 220 ለ14.0 ሲካፈል 15.7 ነው፤ ከቀድሞው 15.9 ያነሰ። ብሬከሩ ጤነኛ መስመር ያያል፤ በዚያው ጊዜ ስፒናው ይቀልጣል። ስለዚህ ይህን ችግር የሚያገኘው ሰው ራሱ ነው። ጋገራው ሲያልቅ ምጣዱን አጥፉና ብሬከሩን አውርዱ፤ ከዚያ ስፒናውን ንቀሉና እግሮቹን ወዲያው ሳትነኩ የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉ። ከሁለቱ እግሮች አንዱ ከሌላው ይበልጥ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ወይም በአንዱ ዙሪያ ፕላስቲኩ ወደ ቡናማ ከተለወጠ ያ ወገን ላልቷል ማለት ነው። እግሩን አሸት አድርጎ መልሶ መሰካት አይበቃም፤ በግለት የላላ ጥርስ ተመልሶ አይጠብቅም። ስፒናውም ሶኬቱም አንድ ላይ መለወጥ አለባቸው፤ የሚለውጠው የኤሌክትሪክ ባለሙያም ከሶኬቱ ጀርባ ያሉትን ቡሎኖች አጥብቆ እንዲያስር ጠይቁት፤ ያ 0.2 ኦም እዚያም ሊደበቅ ይችላል።